እህቴ ከጎንደር በአውቶቡስ መጥታ አንድ ባቷ አብጦ ያማታል፣ ጡንቻ ነው ወይስ ሌላ ነገር?

የቡና_ሰዓት · ማክሰኞ ማታ 2፡40

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ምክር ፈልጌ ነው። ታላቅ እህቴ 34 ዓመቷ ነው፣ ቅዳሜ ከጎንደር በአውቶቡስ መጣች፣ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስተው አዲስ አበባ የገቡት ማታ 1 ሰዓት አልፎ ነው። የደረሳት ወንበር የኋላ ጎማው ላይ ያለው ነው፣ እግር መዘርጊያ የለውም፣ እሷ ደግሞ በርበሬና ሽሮ በማዳበሪያ ይዛ ስለነበር እሱንም እግሯ ስር አስገብታ ጉልበቷን አጥፋ ነው መንገዱን የጨረሰችው። ደብረ ማርቆስ ለምሳ ሲወርዱ እንኳ እቃዬ ይነካል ብላ አልወረደችም፣ ሽንት ቤት እንዳትቸገር ደግሞ ውሃም አልጠጣችም።

እሁድ ደህና ነበረች። ሰኞ ጠዋት ስትነሳ ግራ ባቴን ያዘኝ አለች፣ ስትቆም ይከብዳታል፣ ዛሬ ደግሞ አብጧል። አንድ ክሊኒክ ወስጃት አይቶ ሳይጨርስ ጡንቻ ነው ብሎ ዲክሎፈናክ ወግቶ መለሰን። አክስታችን ቅቤ አሙቄ ላሽሽ እያለች ነው፣ እኔ ግን የሆነ ቦታ ደም መርጋት የሚባል ነገር አንብቤ ፈራሁ። አጋንኜው ይሆን?

ሹፌሩ · 2፡52

አይዞሽ እህቴ ይሄ የመንገድ እብጠት ነው። እኔ 19 ዓመት በዚሁ መንገድ ነድቻለሁ ማታ ማታ ሁለቱም እግሮቼ ጫማ አልገባም ይላሉ፣ ለብ ያለ ውሃ ላይ ጨው አድርጌ እዘፈዝፋቸዋለሁ ትራስ ላይ እሰቅላቸዋለሁ ጠዋት ልክ ነኝ። ተሳፋሪም ሁሉ እንደዚያ ነው፣ አባይ በረሃ ስንደርስ ጫማ የማያወልቅ የለም።

ሰፈር_ፋርማሲ · 3፡05

ደም መርጋት አውሮፕላን ላይ ነው የሚመጣው፣ ከአየር ግፊቱ ጋር ይያያዛል፣ ለዛ ነው የኢኮኖሚ ክላስ በሽታ የተባለው። አውቶቡስ ላይ አልሰማሁም። ለማንኛውም መመርመር ከፈለግሽ ቀላል ነው፣ አጋድሚያትና የእግሯን ጣት ወደ ጉልበቷ አቅጣጫ ግፊው፣ ባቷን ካላመማት ደም መርጋት አይደለም። ለጥንቃቄ አስፕሪን በቀን አንድ ስጫት፣ ውሃ በብዛት ትጠጣ።

ሌሊት_ተረኛ · 3፡31

ተረኛ ነኝ፣ በሽተኛ በሽተኛ መሃል ስለምጽፍ ከቆራረጥኩ ይቅርታ።

ከሁሉም በፊት አክስትሽን ከነቅቤዋ አስቁሚያት። ምንም አይታሽ፣ ወጌሻም አይንካው። ደም ረግቶ ከሆነ ማሸት ማለት የረጋውን ከደም መልሱ ግድግዳ ፈንቅሎ ወደ ሳንባ መላክ ሊሆን ይችላል።

አሁን የሚከተሉትን ንገሪኝ። ያበጠው አንዱ ብቻ ነው ወይስ ሁለቱም? የልብስ ሰፊ ሜትር አለሽ? ከጉልበቷ በታች ፊት ለፊት ያለውን የአጥንት ጉብታ በጣትሽ አግኚና ከሱ 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ወርደሽ ሁለቱንም ባቶች ዙሪያቸውን ለኪልኝ፣ ሜትሩን ሳታጠብቂ፣ ሁለቱንም በአንድ ከፍታ። ከዛ በአውራ ጣትሽ የቅልጥሟ አጥንት ላይ ጫን አድርጊና ልቀቂ፣ ጎድጉዶ ይቀራል? የወሊድ መከላከያ ትወስዳለች? ምን ዓይነት? በቅርብ ወልዳለች፣ ቀዶ ጥገና አድርጋለች፣ ታማ ተኝታ ነበር? ከዚህ በፊት ወይ ቤተሰብ ውስጥ ደም ረግቶ የሚያውቅ አለ?

ደግሞ አሁኑኑ ጠይቂያት፣ ትንፋሽ አጥሯታል? ወደ ውስጥ ስትተነፍስ ደረቷን ይወጋታል? ራሷን ስታ ወይ ደም አስላ ታውቃለች? ከነዚህ አንዱ ካለ ይሄን ክር ዝጊና አሁን ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት፣ ነገ አትበይ።

የቡና_ሰዓት · 3፡58

ዶክተር እግዜር ይስጥልኝ። ትንፋሽ ደህና ናት ደረቷንም አያማትም። ለካሁ፣ ቀኙ 34 ግራው 38 ከምናምን፣ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ነው የለካሁት። ስጫናት ግራው ጎድጉዶ ይቆያል የቀኙ ወዲያው ይመለሳል። ባቷን ከኋላ መሃሉን እስከ ቋንጃዋ ስነካው ትጮሃለች። ኪኒን ነው የምትወስደው፣ በየቀኑ የሚዋጠውን፣ ከጀመረች 5 ወር ገደማ። አልወለደችም ኦፕሬሽንም የለም። እናታችን ግን እኔን ስትወልድ እግሯ አብጦ ሆስፒታል ተኝታ ነበር ይባላል፣ ምን እንደነበር ማንም አያውቅም።

ሌሊት_ተረኛ · 4፡20

እሺ። እንግዲህ አጋነንኩ ወይ ላልሽው፣ አላጋነንሽም።

የሹፌሩ ወንድማችን እግርና የእህትሽ እግር አንድ ነገር አይደሉም። ብዙ ሰዓት ስትቀመጪ ውሃው በስበት ወደ ታች ይወርዳል፣ ግን የሚወርደው ለሁለቱም እግር ነው፣ ቁርጭምጭሚት ላይ ይሰበሰባል፣ አያምም፣ አድሮ ይጎድላል። አንድ እግር ብቻ፣ ያውም ከጉዞው ሁለት ቀን ቆይቶ፣ ያውም እያመመና እየባሰ ሲመጣ መጠየቅ ያለበት ይህን እግር ብቻ ምን ዘጋው የሚለው ነው። ከእግር ደም የሚመልሰው ትልቁ መስመር አንድ ቦታ ከተደፈነ ከሱ በታች ያለው ብቻ ነው የሚወጠረው።

የሚረጋበት ምክንያት ደግሞ ይሄ ነው። ከእግር ወደ ልብ ደም የሚገፋው ልብ ብቻ አይደለም፣ የባት ጡንቻ ነው፣ ስትራመጂ ይጨምቀዋል። ደም መልሶቹ ውስጥ ደሙ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ትንንሽ ክዳኖች አሉ። ባቱ 15 ሰዓት ካልተንቀሳቀሰ ከክዳኖቹ ጀርባ ያለችው ኪስ ውስጥ ደሙ ይተኛል፣ መርጋት የሚጀምረውም ብዙ ጊዜ እዛች ኪስ ውስጥ ነው። በዛ ላይ ጉልበት ታጥፎ ሲቆይ በቋንጃ የሚያልፈው ደም መልስ ራሱ ይታጠፋል። ኪኒኑ ኤስትሮጅን ያለበት ከሆነ ደግሞ ደሙን ለመርጋት የተዘጋጀ ያደርገዋል፣ በተለይ የመጀመሪያው ዓመት ላይ።

@ሰፈር_ፋርማሲ ግማሹን ልክ ብለሃል፣ ስሙ ከአውሮፕላን ነው የመጣው። ነገሩ ግን ከመቀመጥ ነው። በ1940 እ.ኤ.አ. ለንደን በቦምብ ስትደበደብ ሰዎች መጠለያ ውስጥ የሸራ ወንበር ላይ ተቀምጠው እያደሩ በሳንባ ደም መርጋት ሲሞቱ ኪት ሲምፕሰን የሚባል ሐኪም ጽፎታል፣ ያኔ አውሮፕላኑ ከላይ ነበር እንጂ እነሱ አልተሳፈሩበትም። አውቶቡስ፣ መኪና፣ ባቡር፣ ከ4 ሰዓት ካለፈ ሁሉም አንድ ነው። ጣት የማጠፉ ምርመራ ደግሞ እኛም ትምህርት ቤት ተምረነዋል፣ ግን ደም የረጋበት ብዙ ሰው ላይ አያምም፣ ጡንቻ የተሰነጠቀበት ላይ ያምማል። አላመማትም ብሎ ማረፍ አደጋ ነው።

አስፕሪን የረጋ ደም አያክምም። ዲክሎፈናኩም ይቁም፣ ነገ ደም ማቅጠኛ ከጀመረች ሁለቱ አብረው ያደሟታል።

ሰፈር_ፋርማሲ · 4፡33

እሺ ተምሬያለሁ ዶክተር፣ ግን እኮ ይሄን ያህል ማስፈራራት አያስፈልግም። በቀን ስንት ሺህ ሰው በዚህ መንገድ ይሄዳል ሁሉም ደሙ ረጋ እንዴ?

ሌሊት_ተረኛ · 4፡41

አልረጋም፣ እውነትህን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ከ4 ሰዓት በላይ ከሚጓዙ 6,000 ሰዎች አንዱ ገደማ ነው የሚይዘው። ስለዚህ አውቶቡስ የተሳፈረ ሁሉ ሆስፒታል ይሂድ አላልኩም። ግን እኛ አሁን የምናወራው ስለ 6,000ው አይደለም፣ አንዱ ባቷ ከሌላው ከ4 ሴንቲ ሜትር በላይ ስለወፈረች ሴት ነው። ልዩነቱ ከ3 ሴንቲ ካለፈ ለኛ ትልቅ ምልክት ነው፣ የደም መልሱን መስመር ተከትሎ መታመሙ ሌላ፣ መጎድጎዱ ሌላ። የሚገርምህ እኛ ነጥብ የምንደምርበት ሰንጠረዥ ላይ ጉዞ ራሱ ነጥብ የለውም፣ ኪኒንም የለውም። ያለ እነሱ ነው ነጥቧ ሦስት የሞላው፣ ደም መርጋት ብሎ ለመጠርጠር ሁለት ይበቃ ነበር። በርግጥ ሌላ በሽታ እኩል ወይ ይበልጥ የሚመስል ከሆነ ሁለት ይቀነሳል፣ እኔ ግን እግሯን በዓይኔ ስላላየሁ እሱን አልፈርድም።

ዲሲ_ነኝ · 4፡55

እኔ እዚህ ቨርጂኒያ ነኝ፣ አምና ከአዲስ ስመለስ ከ13 ሰዓት በላይ በረራ፣ ባቴን አመመኝ ሄድኩ ዲ ዳይመር የሚባል የደም ምርመራ አደረጉልኝ ከፍ ብሏል ተባለ በቃ አለቀልኝ ብዬ አልቅሼ ልሞት፣ አልትራሳውንድ ሲነሳ ምንም የለም፣ ከጉልበቴ ጀርባ የውሃ ከረጢት ነገር ፈንድቶ ወደ ባቴ ወርዶ ነው አሉኝ። ስለዚህ እህቴ የደም ምርመራው ከፍ ቢል አትደንግጪ ውሸታም ነው።

ሌሊት_ተረኛ · 5፡10

@ዲሲ_ነኝ ውሸታም አይደለም፣ ሥራው ሌላ ነው። ዲ ዳይመር የሚጠቅመው ዝቅ ሲል ነው፣ ጥርጣሬያችን ትንሽ ሆኖ ውጤቱም ዝቅ ካለ ደም መርጋት የለም ብለን ቤት እንልካለን። ከፍ ካለ ግን ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ኢንፌክሽን፣ ቁስል፣ እርግዝና፣ ዕድሜ፣ ሁሉም ከፍ ያደርጉታል። ለእህታችን ግን ጥርጣሬው ከፍተኛ ስለሆነ ዝቅ ቢል እንኳ እሱን ብቻ አምኜ አልልካትም፣ ገንዘቡን አልትራሳውንዱ ላይ አውጡት።

@የቡና_ሰዓት ነገ ጠዋት አልትራሳውንድ ያለበት ሆስፒታል ውሰጃት፣ የእግር ደም መልስ ዶፕለር በሏቸው። ዛሬ ማታ መሄድ ከቻላችሁ እሰየው፣ ከባድ ጥርጣሬ ሲኖር ምርመራው ከዘገየ የመጀመሪያውን መርፌ ቀድመን የምንሰጥበት ጊዜ አለ። ትንፋሿን እያየሽ እደሪ።

ጉለሌ_ልጅ · 5፡26

ይቅርታ እኔ ያልገባኝ፣ የኔ አያት ሁለት እግራቸው ካበጠ 20 ዓመት አልፏል፣ በባዶ እግር የሚሄዱ ገበሬ ነበሩ፣ ዝሆኔ ነው ይባላል። እሱም ደም ረግቶ ነው ማለት ነው? አልትራሳውንድ ላስነሳቸው?

ሌሊት_ተረኛ · 5፡34

አይደለም ወንድሜ፣ ያ ሌላ ታሪክ ነው። ዓመታት የፈጀ፣ ከመርገጫው ጀምሮ ወደ ላይ የወጣ፣ ቆዳው የሻከረ ከሆነ ከቀይ አፈር ጋር የተያያዘው ሊሆን ይችላል፣ ማጠብ፣ ቅባት፣ ካልሲና ጫማ ነው ሕክምናው። ለብቻው ክር ክፈትለት እመልስልሃለሁ። እዚህ የምናወራው ስለ ቀናት ነው።

የቡና_ሰዓት · ረቡዕ ከቀኑ 8፡15

ዶክተር ደም ረግቶ ነው። ማታውኑ ልወስዳት ነበር አክስቴ ሌሊት የት ትሄዳላችሁ ብላ አስቀረችን፣ እኔም እንቅልፍ የሚባል አላየሁም፣ በየሰዓቱ ተነፍሺ እያልኩ ስቀሰቅሳት ነው ያደረችው፣ ጠዋት በጣም ተናዳብኛለች።

እስክሪኑን አሳዩኝ እኮ። መጀመሪያ ብሽሽቷ ላይ ሲያስቀምጡት ሁለት ጥቁር ክብ ጎን ለጎን ይታያል፣ በማሽኑ ጫን ሲያደርጉት አንዱ ጥፍት ይልና ሲለቁት ይመለሳል፣ አንዱ እንደ ክብ ይቀራል። የሚጠፋው ደም መልሱ ነው ጤነኛ ሲሆን ይጨፈለቃል አለኝ ሐኪሙ። እንዲህ እየተጫነ ወደ ታች ወርዶ ወርዶ ቋንጃዋ ላይ ሲደርስ ተጫነው ሁለቱም አልጠፉም፣ ደግሞ ተጫነው እምቢ አለ። አንዱ ክብ ውስጡ እንደ ደመና ግራጫ ነገር አለው። እዛ ጋ ዝም አለ ሐኪሙ፣ እኔም ዝም አልኩ።

62 ኪሎ ናት፣ ሆዷ ላይ ከቆዳ ስር የሚወጋ መርፌ 60 በጠዋትና በማታ፣ ከሱ ጋር ዋርፋሪን የሚባል ኪኒን ጀመሩላት። ለምን ሁለት አስፈለገ? መርፌው በጣም ውድ ነው፣ ኪኒኑ ብቻ አይበቃም?

ሌሊት_ተረኛ · 9፡02

እንኳን ሳይብስ ደረሳችሁ። ቋንጃ ላይ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው፣ ከባት ውስጥ ካሉት ትንንሾቹ ይልቅ ከቋንጃ ወደ ላይ ያሉት ናቸው ወደ ሳንባ የመሄድ ዕድላቸው የሚበዛው። ባጋጣሚ ምርመራው ንጹህ ቢሆን ኖሮ እንኳ በሳምንቱ ተመልሳ ትታይ ነበር የምለው፣ ምክንያቱም ባት ውስጥ ያለች ትንሿ ልትታለፍና ወደ ላይ ልታድግ ትችላለች።

መርፌውን በምንም ዓይነት እንዳታቋርጡ። ዋርፋሪን ቀስ ብሎ ነው የሚነሳው፣ ቀናት ይፈልጋል። መርፌው በዛ መሃል ነው የሚጠብቃት፣ ቢያንስ 5 ቀን አብረው ይሄዳሉ፣ ደሙ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚያሳየው አይ ኤን አር የሚባለው ምርመራ 2 ደርሶ እዛው ሲረጋጋ ነው መርፌው የሚቆመው። ከዛ 2 እና 3 መሃል ማቆየት ነው። ከታች ከሆነ መድኃኒቱ እየሠራ አይደለም፣ ከላይ ከሄደ ትደማለች። አይ ኤን አር የማያስፈልጋቸው አዳዲስ ኪኒኖችም አሉ፣ ስለ ዋጋውና ስለ መገኘቱ ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ።

ደግሞ አንድ ነገር፣ ኤስትሮጅን ያለበትን ኪኒን በሌላ መቀየር አለባት፣ ግን ዝም ብላ አቁማ ባዶ እንዳትቀር፣ ዋርፋሪን ለጽንስ ጎጂ ነው። ዛሬውኑ ይጠየቅ።

ዲሲ_ነኝ · 9፡20

ጎመን እንዳትበላ በያት!! አጎቴ ዋርፋሪን ላይ ነበር፣ አረንጓዴ ነገር እርም ነው የተባለው።

ሌሊት_ተረኛ · 9፡41

እርም አይደለም። ጎመን ቫይታሚን ኬ አለው፣ እሱ የዋርፋሪንን ሥራ ይቃወማል፣ ግን የኛ ችግር መብላቷ አይደለም መለዋወጡ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ጎመን የምትበላ ከሆነች እንደዛው ትቀጥል፣ መጠኑን በሱ ልክ እናስተካክለዋለን። እኔ ክሊኒክ ውስጥ የማየው ችግር የሚመጣው ጾም ሲገባ ነው፣ ሰው ሥጋና እንቁላሉን ትቶ በየቀኑ ጎመን ሲበላ አይ ኤን አሩ ይወርዳል፣ ለፋሲካ ጎመኑን ጥሎ ዶሮ ላይ ሲገባ ደግሞ ሽቅብ ይወጣል። ጾም ሲገባና ሲፈታ ቀደም ብላ ትመርመር።

የቡና_ሰዓት · 10፡05

አክስቴ ይሄን ሳነብላት ጎመኑን በጭልፋ ለክታ ልትሰጣት ነው መሰለኝ። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። አንደኛ፣ የዓመት ፈቃዷ በ3 ሳምንት ያልቃል፣ በአውቶቡስ ጎንደር መመለስ ትችላለች? ሁለተኛ፣ ምክንያቱ አውቶቡሱ ነው፣ ኪኒኑ ነው፣ ወይስ የእናታችን ነገር?

ሰፈር_ፋርማሲ · 10፡18

አውቶቡስ ፈጽሞ! በአውሮፕላን ትሂድ አንድ ሰዓት ነው።

ሌሊት_ተረኛ · 10፡50

በአውሮፕላን ከቻላችሁ ጥሩ ነው፣ አጭር ስለሆነ። በአውቶቡስ ከሆነም መድኃኒቱ በትክክል እየሠራ፣ አይ ኤን አሯ ተስተካክሎ፣ እብጠቱ ቀንሶ ከሆነ ያኔ እናስብበታለን፣ እኔ ግን ባሕር ዳር ላይ አድራ ለሁለት ቀን ብትከፍለው እመርጣለሁ። መተላለፊያው ዳር ያለውን ወንበር ትያዝ፣ ማዳበሪያው ከላይ ይጫን፣ መኪናው በቆመ ቁጥር ትውረድ። ውሃ አለመጠጣቷ ብቻውን ደም አያረጋም፣ ማስረጃው ደካማ ነው፣ ሽንት ቤት የምትሄድ ሰው ግን ቢያንስ ትራመዳለች።

ምክንያቱን ለይቼ ይሄ ነው ማለት አልችልም። ኪኒኑ አፈሩን አዘጋጀ፣ 15 ሰዓቱ ዘራው ብዬ ነው የማየው። ለዛም ነው ብዙ ጊዜ እንዲህ ምክንያቱ ሲታወቅ 3 ወር አክመን የምናቆመው። የእናታችሁ ጉዳይ ግን ይረብሸኛል፣ ከወሊድ በኋላ ያለው ጊዜ ደም የሚረጋበት ጊዜ ነው፣ የቆየ የሆስፒታል ወረቀት ካለ ፈልጉ። የዘር ምርመራ አሁን አይሠራም፣ የረጋ ደምና መድኃኒቱ ራሳቸው አንዳንዱን ውጤት ያበላሹታል። አንቺ ራስሽ ግን እህቷ ነሽና የወሊድ መከላከያ ልትጀምሪ ስትይ ይሄን ለሐኪም ሳትነግሪ እንዳትወስጂ።

ራዲዮሎጂ_ክፍል · 11፡12

በዘሩ ነገር አልስማማም፣ እናትም እህትም ከሆነ 3 ወሩ ሲያልቅ ሳይመረመር መድኃኒት ማቆም አልወድም። እኛ ጋ በ3ኛው ወር አቁመው በ6ኛው የተመለሱ አይቻለሁ።

ሌሊት_ተረኛ · 11፡20

የሚያከራክር ነው፣ አውቃለሁ። ቢገኝም ብዙ ጊዜ ሕክምናውን አይቀይረውም የሚሉም አሉ። 3 ወሩ ሲደርስ የደም ሐኪም ይወስን።

ሹፌሩ · ማታ 1፡30

ሁሉንም አነበብኩ። እኔስ ታዲያ? በቀን 15 ሰዓት እነዳለሁ፣ ግራ እግሬ ክላች ስለሚረግጥ ድኖ ነው?

ሌሊት_ተረኛ · 1፡44

ክላቹ ሳይጠቅምህ አልቀረም፣ ባትህን ያሠራዋል፣ ደብረ ማርቆስ ላይም ወርደህ ትበላለህ። ያንተ ሁለቱም ነው፣ አድሮም ይጎድላል፣ ደም መርጋት አይመስለኝም። ግን 19 ዓመት ማታ ማታ የሚያብጥ እግር ልብና ኩላሊት ሊጠየቅበት ይገባል። ግፊትህን ለመጨረሻ ጊዜ የተለካኸው መቼ ነው?

ሹፌሩ · 1፡51

መንጃ ፈቃድ ሳሳድስ።